ከ40 ኪሎ ያልተላቀቀው ልጅ፦ በጂም ክብደት መቼ፣ ስንትና እንዴት ይጨመራል?

ሀዋሳ ውስጥ ማታ 12 ሰዓት ላይ ጂም ብትገቡ ይህን ልጅ አታጡትም። ቤንች ላይ ይተኛል። ባሩ ላይ በግራ 10፣ በቀኝ 10 ኪሎ አስገብቷል። 10 ጊዜ ይገፋል፣ ይነሳል፣ ስልኩን ያያል፣ ይደግማል። ሦስት ዙር። ከስምንት ወር በፊትም ይህንኑ ነበር የሚሠራው። ሰነፍ አይደለም፣ አይቀርም፣ ወርሃዊ ክፍያውንም በጊዜ ይከፍላል። ደረቱ ግን በሁለተኛው ወር ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ከዚያ አሰልጣኙን ጠጋ ብሎ ይጠይቃል፦ «ኮች፣ ፕሮቲን ዱቄት ልጀምር እንዴ?»

ዱቄቱ ይቆይ። የልጁ ችግር ባሩ ላይ ነው። ጭነትን ደረጃ በደረጃ መጨመር፣ በጂሙ ቋንቋ ፕሮግሬሲቭ ኦቨርሎድ የሚባለው ነገር፣ ከፕሮግራሙ ውስጥ ጠፍቷል። እዚህ የምጽፈው እሱን እንዴት እንደሚመልሰው ነው። ብዙ ዘዴ አለ፤ እኔ ለጀማሪ የምመርጠውን አንዱን ብቻ እወስዳለሁ። ምሳሌዬም ቤንች ፕሬስ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው እሱን ስለሆነ።

ለምን ይቆማል?

አዲስ ሰው ጂም ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበቱ ቶሎ ቶሎ ይጨምራል። የዚህ ጭማሪ ትልቁ ድርሻ ከጡንቻ መተለቅ የሚመጣ አይደለም። የሚማረው ነርቭ ነው። አእምሮ ብዙ የጡንቻ ክሮችን በአንድ ጊዜ ማዘዝ ይለምዳል፣ ክንድና ትከሻም ባሩን ሳያወላውሉ መምራት ይችላሉ። ጡንቻው ራሱ ከኋላ፣ በዝግታ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ መሀል ላይ ነው። ነርቩ ተምሮ ጨርሷል፣ ጡንቻው ደግሞ ገና ማደግ ሲጀምር የሚያስገድደው ነገር ያጣል።

40 ኪሎ በመጀመሪያው ወር ለልጁ የአቅሙ ጫፍ ነበር። አሥረኛውን ሲገፋ ክንዱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬ አሥር ላይ ሲደርስ ሌላ አምስት ስድስት ይተርፈዋል። የባሩ ቁጥር ያው ነው፤ ለእሱ ግን ቀሏል። ሰውነት ደግሞ ላልከበደው ነገር አዲስ ሥጋ አይገነባም። ያለውን ይዞ ይቀመጣል።

አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ሁሉም ሰው የሚሠራው ይህ «ሦስት ዙር በአሥር» ሲጀመር ከጭማሪ ጋር አብሮ ነው የመጣው። ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተጎዱ ወታደሮችን ክብደት በማስነሳት እንዲያገግሙ ይረዳ ነበር። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከባልደረባው ጋር ሆኖ አሠራሩን ወደ ሦስት ዙር አሳጠረው። የመጀመሪያው አሥር በግማሽ ክብደት፣ ሁለተኛው በሦስት አራተኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰውየው አሥር ጊዜ ብቻ ሊያነሳው በሚችለው ሙሉ ክብደት ይሠራል። አቅሙ ሲጨምር ክብደቱም ይጨመራል። እኛ «ሦስት በአሥር» የሚለውን ወሰድን፣ ጭማሪውን ትተነው መጣን።

1. አሁን ያላችሁን አቅም እወቁ

ከመጨመራችሁ በፊት የምትሠሩበት ክብደት ምን ያህል እንደቀለላችሁ መለካት አለበት። አንድ ቀን ይበቃል። ቀኑ የደከማችሁበት አይሁን፣ ደረትም የመጀመሪያ ሥራችሁ ይሁን።

ባዶውን ባር 10 ጊዜ ግፉ። 30 ኪሎ አድርጋችሁ 5 ጊዜ ግፉ። ሦስት ደቂቃ እረፉ። ከዚያ የለመዳችሁትን 40 ኪሎ ጫኑና ከራስጌያችሁ የሚያግዝ ሰው አቁሙ። አሥር ላይ አትቁሙ። ባሩ ደረታችሁን እየነካ፣ መቀመጫችሁ ከቤንቹ ሳይነሳ የምትችሉትን ያህል ግፉ። «ከዚህ በኋላ አንድ ብቻ ነው የሚወጣልኝ» ስትሉ አቁሙና ቁጥሩን ያዙ።

12 ወይም ከዚያ በታች ከወጣ ክብደቱ ይበቃችኋል፣ በዚያው ጀምሩ። 13፣ 14፣ 15 ከሆነ 2.5 ኪሎ ጨምሩ። ከ16 እስከ 20 ከሆነ 5 ኪሎ። 20 ካለፈ ጂሙን ለአየር ለውጥ ነው ስትመጡ የከረማችሁት፤ 10 ኪሎ ጨምሩና በሚቀጥለው ልምምድ እንደገና እዩት። ይህ ሕግ ሆኖ የወረደ ሳይሆን በ40 ኪሎ አካባቢ ለሚገፋ ሰው የሚሠራ ግምት ነው።

የኛ ልጅ 16 ገፋ። ስለዚህ መነሻው 45 ኪሎ ነው።

ስለ ኪሎው አንድ ነገር ልበል። በየጂሙ እዚሁ ብረት ቤት የተበየዱ ባሮችና ፕሌቶች አሉ። ፕሌቱ ላይ በቀለም 10 ተብሎ ተጽፎ ስታነሱት 9 ወይም 11 ሊሆን ይችላል። ባሩም ሁልጊዜ 20 ኪሎ አይደለም። ይህ ያን ያህል አያሳስብም፣ ሁሌም ያንኑ ባርና ያንኑ ፕሌት እስከተጠቀማችሁ ድረስ። ልዩነቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ጂሙ ውስጥ የሰው ሚዛን ካለ መጀመሪያ ራሳችሁን፣ ቀጥሎ ፕሌቱን ታቅፋችሁ ተመዘኑ።

2. ደብተር ያዙ

ስልክም ይሆናል። እኔ ግን ትንሽ ደብተር እመርጣለሁ፤ ስልክ ከተከፈተ ቲክቶክ አብሮ ይከፈታል፣ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት አሥር ይሆናል።

የሚጻፈው ትንሽ ነው። ቀኑ፣ ክብደቱ፣ በየዙሩ ስንት እንደተገፋ። አንድ መስመር ይበቃል፦ «ቤንች 45፤ 10፣ 9፣ 8»። ከጎኑ ለየት ያለ ነገር ካለ ሁለት ቃል፦ «አልተኛሁም»፣ «ትከሻ ቀኝ»። ዙሩ እንዳለቀ ጻፉ። ቤት ስትደርሱ ከሆነ ቁጥሩ በራሱ ያድጋል፣ ሰው ሲያስታውስ ለራሱ ያደላል።

ጥቅሙ የሚታየው በሚቀጥለው ልምምድ ነው። ቤንቹ ላይ ከመተኛታችሁ በፊት ያለፈውን መስመር ታያላችሁ። የዛሬው ሥራ ያን መስመር በአንድ ማለፍ ነው። ያለ ደብተር ግን ሰው የሚሠራው በስሜቱ ነው፤ ስሜት ደግሞ ወደ ለመደው 40 ኪሎ ይመልሰዋል።

3. ሕጉ፦ መጀመሪያ ድግግሞሽ፣ ከዚያ ክብደት

ጀማሪ «ጨምር» ሲባል የሚመጣለት ኪሎ ብቻ ነው። በየሳምንቱ 5 ኪሎ ይጭናል፣ በሦስተኛው ሳምንት ባሩ ደረቱ ላይ ይቀራል፣ ተስፋ ቆርጦ ወደ 40 ይመለሳል። የተሻለው መንገድ ሁለት ደረጃ አለው።

ከ8 እስከ 12 ያለውን ድግግሞሽ እንደ ክልል ያዙ። በአንድ ክብደት ሦስት ዙር ትሠራላችሁ። ክብደቱን ሳትነኩ ድግግሞሹን ታሳድጋላችሁ። ሦስቱም ዙር 12 ሲሞሉ፣ ሦስቱም፣ ያን ጊዜ ብቻ ትንሿን ፕሌት ትጨምራላችሁ። ድግግሞሹ ወደ 8፣ 9፣ 10 ይወርዳል። እንደገና ወደ 12 ትወጣላችሁ።

በየዙሩ የመጨረሻዋ ላይ አንድ ወይም ሁለት ተርፏችሁ አቁሙ። በየቀኑ እስኪያቅት መግፋት ለጀማሪ አይጠቅምም፤ የመጀመሪያው ዙር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይበላባቸዋል። በሌላ በኩል አምስት ስድስት እየተረፈ ማቆም ወደ ድሮው ችግር መመለስ ነው።

በዙሮች መሀል ያለው ዕረፍት ሁሌም አንድ ይሁን። ለቤንች ሁለት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ጥሩ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ማታ ጂሙ ሲሞላ ቤንች ለመጠበቅ ስምንት ደቂቃ ቆማችሁ ከገፋችሁ ቁጥሩ ያድጋል፤ ያደገው ግን ዕረፍቱ ነው። በማግስቱ ጠዋት ባዶ ጂም ውስጥ በአንድ ደቂቃ ተኩል ከሠራችሁ ይወርዳል፣ እናንተም የደከማችሁ ይመስላችኋል።

4. የልጁ ደብተር

ልጁ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ይሠራል እንበል። ደረት የሚሠራው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ደብተሩ እንዲህ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ማክሰኞ፦ 45 ኪሎ፣ 10፣ 9፣ 8። ቅዳሜ፦ 10፣ 10፣ 8። አንድ ብቻ ጨመረ። ለሰው ሲነግረው ያሳፍራል፤ ግን በአንድ ልምምድ 45 ኪሎ ተጨማሪ ገፍቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሳምንት፦ 11፣ 10፣ 9። ከዚያ 11፣ 10፣ 10።

ሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፦ 12፣ 11፣ 10። አሁን ልጁ የመጀመሪያው ዙር 12 ስለሞላ ክብደት ሊጨምር ያምረዋል። አይጨምርም። የመጀመሪያው ዙር ገና ትኩስ ጉልበት ላይ ነው፤ እውነቱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

ቅዳሜ፦ 10፣ 9፣ 8። ወደ መጀመሪያው ቀን ተመለሰ! ከጎኑ ግን «ሌሊት ፈረቃ» ብሎ ጽፏል። ከሥራ ወጥቶ ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ነው የመጣው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ወይ ፕሮግራሙን ይቀይራል፣ ወይ በንዴት ሌላ ሁለት ዙር ይጨምራል። ልጁ ሁለቱንም አላደረገም። አንድ መጥፎ ቀን አንድ መጥፎ ቀን ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ የሚያልፈው መስመር የቅዳሜውን ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረውን 12፣ 11፣ 10 ነው።

አራተኛው ሳምንት፦ 12፣ 11፣ 11። ከዚያ 12፣ 12፣ 11። አምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፦ 12፣ 12፣ 12። ሞላ።

ቅዳሜ 47.5 ኪሎ ጫነ። 10፣ 9፣ 8። ከአንድ ወር በፊት በ45 የጀመረበት ቁጥር ነው፣ አሁን ግን 2.5 ኪሎ ከብዶ። በስምንት ወር ያላገኘውን በአምስት ሳምንት አገኘ።

ይህ ለአንዳንዱ ይፈጥናል፣ ለአንዳንዱ ይዘገያል። ገና ጂም የገባ ሰው በሁለት ሳምንት 12 ሊሞላ ይችላል። ስኳትና ዴድሊፍት ላይ ደግሞ እግርና ጀርባ ትልልቅ ጡንቻ ስለሆኑ በአንድ ጊዜ 5 ኪሎ መጨመር ይቻላል። ትከሻና ክንድ ላይ ይህን አትጠብቁ። ነገር ግን ሁሉንም እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ለማሳደግ አትሩጡ። ቤንች፣ ስኳት፣ ጀርባ የምትስቡበት አንድ ሥራና ትከሻ የምትገፉበት አንድ ሥራ፤ አራቱን በደብተር ተከታተሉ። የቀረውን እንደተመቻችሁ ሥሩት።

5. ፕሌቱ ሲበዛባችሁ

እስካሁን 2.5 ኪሎ ስል ቀላል አስመስዬዋለሁ። 2.5 ለመጨመር በየጎኑ 1.25 ኪሎ ያስፈልጋል። ብዙ ጂም ውስጥ ደግሞ ትንሿ ፕሌት 2.5 ናት፤ አንዳንዱ ጋ 5 ናት። ስለዚህ ትንሹ እርምጃ 5 ወይም 10 ኪሎ ይሆናል።

ይህን በመቶኛ ካያችሁት ችግሩ ግልጽ ይሆናል። ከ40 ወደ 42.5 መሄድ 6 በመቶ አካባቢ ነው፤ ሰውነት ይሸከመዋል። ከ40 ወደ 45 ከ12 በመቶ በላይ ነው። ደምቤል ላይ ይብሳል። በ10 ኪሎ ደምቤል የሚሠራ ሰው ቀጣዩ 12.5 ከሆነ በአንዴ አንድ አራተኛ ጨመረ ማለት ነው። ባይሴፕ ላይ ይህ ግድግዳ ነው። ሰው ወገቡን እያወዛወዘ ነው የሚያነሳው።

ለሴቶች ይህ ከሁሉ በላይ ይመለከታል። በባዶ ባር 20 ኪሎ የምትገፋ ልጅ ትንሹ እርምጃ 5 ከሆነባት በአንድ ቀን ሩብ ጨምሪ እየተባለች ነው። ያን ሲያቅታት «ለሴት ይከብዳል» ይሏታል። የከበደው ፕሌቱ ነው። (ክብደት ጨምሬ እንደ ወንድ እሆናለሁ ብሎ መፍራትም ይነሳል። ያን ያህል ጡንቻ ለማውጣት ወንዶቹ ራሳቸው ዓመታት እየለፉ እያቃታቸው ነው።)

መውጫው ሦስት ነው።

ገንዘብ የማይጠይቀው፣ ክልሉን ማስፋት ነው። ፕሌቱ ትልቅ ከሆነ በ12 አትቁሙ፤ ሦስቱም ዙር 15 እስኪሞሉ ቆዩ። ያን ጊዜ 5 ኪሎ ሲጨመር ድግግሞሹ ወደ 8 ወይም 9 ይወርዳል እንጂ ወደ 4 አይወድቅም። ለደምቤል ይህን ነው የምመክረው። ለትከሻ ጎን ማንሻ እስከ 20 ብትሄዱም አይጎዳም።

ሁለተኛው መሻገሪያ ዙር ነው። 12.5 ደምቤል አንሱና የመጀመሪያውን ዙር ብቻ በእሱ ሥሩ፤ 6 ወይም 7 ቢወጣ ይበቃል። የቀሩትን ሁለት በ10 ኪሎ ጨርሱ። የመጀመሪያው 9 ሲደርስ ሁለተኛውንም ወደ 12.5 አምጡ። በመጨረሻ ሦስተኛውን።

ሦስተኛው ለባር ብቻ የሚሆን ነው፦ የራሳችሁን ትንሽ ፕሌት ማሠራት። ብረት ቆራጭ ጋ ሂዱና 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በክብ ይቆረጥላችሁ። ዳር እስከ ዳር 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ መሀሉ ለወፍራሙ ባር ጫፍ ሲበሳ 1.25 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ቀዳዳውን ከመበሳቱ በፊት የጂማችሁን ባር ጫፍ ለኩ፤ ቀጭን ባርና ወፍራም ባር አንድ አይደሉም። ሁለት አሠሩ፣ ጠርዛቸው ይሞረድ፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። ሰው ቢስቅ ይሳቅ።

6. የውሸት ጭማሪ

ደብተር የያዘ ሰው አዲስ በሽታ ይይዘዋል፦ ቁጥሩን ለማሳደግ ሲል ማጭበርበር። ማንም አያየውም፣ እሱም አያስተውለውም። ቤንች ላይ ባሩን ደረቱ ላይ አንጥሮ ያስነሳዋል። ወይም ሁለት ጣት ሲቀረው ይመልሰዋል። ወይም መቀመጫውን ከቤንቹ ያነሳል። ስኳት ላይ በየሳምንቱ 5 ኪሎ እየጨመረ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከላይ ይቆማል፤ በሁለተኛው ወር 80 ኪሎ ይዞ ጉልበቱን ነቅነቅ ብቻ የሚያደርግ ሰው ሆኗል። በደብተሩ ላይ አድጓል። ጭኑ ግን ያንን አያውቅም።

መለያው ቀላል ነው። በየሁለት ሳምንቱ የመጨረሻውን ዙር ከጎን በስልክ አስቀርጹ። ቀዳሚውን ቪዲዮና የአሁኑን አስተያዩ። ባሩ የሚደርስበት ቦታ አንድ ካልሆነ ጭማሪው አይቆጠርም። ደብተራችሁ ላይ ያልጸዳችውን ድግግሞሽ አትቁጠሯት፤ 12 ገፍታችሁ ሁለቱ ከተንጋደዱ 10 ብላችሁ ጻፉ።

የሚያግዘው ጓደኛም የዚህ አካል ነው። «የአንተ ነው! የአንተ ነው!» እያለ ባሩን በሁለት እጁ የሚስበውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሱ የነካው ድግግሞሽ የእናንተ አይደለም። ጣቱን ከባሩ በታች ይያዝ፣ ባሩ ወደ ታች መመለስ ሲጀምር ብቻ ይያዝላችሁ። የሚያግዝ ሰው በሌለበት ቀን ደግሞ አዲስ ክብደት አትሞክሩ። መሥራት ካለባችሁ መቆለፊያውን አታስገቡ፤ ባሩ ደረት ላይ ከቀረ ወደ አንድ ጎን አዘንብላችሁ ፕሌቱን ማፍሰስ ትችላላችሁ። ጂሙ ይደነግጣል፣ እናንተ ግን ትተርፋላችሁ።

7. በእውነት ሲቆም

ይመጣል። ከወራት በኋላ ልጁ 55 ኪሎ ላይ ደርሶ 9፣ 8፣ 7 ይገፋል። በሚቀጥለው 9፣ 8፣ 7። ከዚያ 9፣ 7፣ 7። ሦስት ተከታታይ ልምምድ ያለ ጭማሪ ካለፈ መጥፎ ቀን አይባልም።

መጀመሪያ ከጂም ውጭ ያለውን እዩ። እንቅልፍ ከስድስት ሰዓት በታች ከሆነ፣ ወይም ኪሎአችሁ እየቀነሰ ከሆነ፣ ፕሮግራሙን መነካካት ዋጋ የለውም። ምሳ ላይ አንድ እንጀራ በሽሮ በልቶ ማታ ዳቦ በሻይ የሚጨርስ ሰው በእውነቱ የሚያድግበት ነገር አልበላም። ዕንቁላል፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ፣ እዚህ ሀዋሳ ደግሞ ዓሣ አለ። ከዱቄቱ በፊት እነዚህ ይሟሉ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ 10 በመቶ ውረዱ። 55 ወደ 50። እዚያ 10፣ 10፣ 10 ሥሩና በየልምምዱ ወደ ላይ ተመለሱ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ 55 ላይ ስትደርሱ ብዙ ጊዜ የቆመው ይከፈታል፤ ተጠራቅሞ የነበረ ድካም ስለወረደ ነው። ሁለት ጊዜ ወርዳችሁ ሁለቴም እዚያው ከቆማችሁ አራተኛ ዙር ጨምሩ። ከዚያ በኋላ በየወሩ 2.5 ኪሎ መጠበቅም ይቀራል። በሁለት ወር አንዴ ከጨመራችሁ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው፤ ዘዴው ከሽፎ ሳይሆን ጀማሪነታችሁ እያለቀ ነው።

ሕመም ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። የጡንቻው ሆድ ላይ የሚሰማ፣ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ብሶ ከዚያ የሚጠፋ መጎዳዳት የተለመደ ነው። መጋጠሚያ ላይ፣ አንድ ነጥብ ላይ፣ ባሩ አንድ ቦታ ሲደርስ ሁሌ የሚወጋ ከሆነ ጭማሪው እዚያ ያበቃል። ክብደቱን አውርዱ፣ ካልተወ ሐኪም ይየው። የደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ከሙከራው ቀን በፊት ነው ሐኪሙን መጠየቅ ያለበት።

ጾም ሲገባ

ይህን በየዓመቱ እጠየቃለሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ዕንቁላሉም ወተቱም ይቀራል፣ ሰዉም እስከ ከሰዓት ሳይበላ ይውላል። በዚህ ጊዜ ጭማሪን ግብ አታድርጉት። ያገኙትን መያዝ ግን ከማግኘት በጣም ያነሰ ሥራ ይጠይቃል። ክብደቱን አትቀንሱ፤ ዙሩን ቀንሱ። በ47.5 ሦስት ዙር ትሠሩ ከነበረ በዚያው 47.5 ሁለት ዙር ሥሩ፣ በሳምንት አንዴም ቢሆን። ብዙዎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፦ ክብደቱን ወደ 30 አውርደው ድግግሞሹን ያበዛሉ። እሱ ጉልበቱንም አይጠብቅም፣ በባዶ ሆድ ደግሞ ያደክማል። ልምምዱንም ከተቻለ ከምግብ በኋላ ወዳለው ሰዓት አምጡት። በረመዳን የሚጾሙም ከአፍጥር ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ቢሠሩ ይሻላቸዋል።

ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሩን ገልጣችሁ ከጾሙ በፊት የነበረውን መስመር ፈልጉ። ከዚያ አንድ ሁለት ድግግሞሽ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። በዚያው ሳምንት ግን አዲስ ፕሌት አትጫኑ፤ ዶሮ ወጡ ሆድ ውስጥ ስለገባ ብቻ ደረት ላይ አይደርስም።